«ፋይሉ ደህና ነው ወይ?» 1.2 ሚሊዮን ረድፍን በ400 ረድፍ መመርመር

አለቃዬ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ፋይል ላከልኝ። ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «እስቲ እየው፣ ደህና ነው ወይ?»

ፋይሉ የአንድ ብድርና ቁጠባ ተቋም የደንበኞች መዝገብ ነው። 1.2 ሚሊዮን ረድፍ አለው፤ አንዱ ረድፍ አንድ ደንበኛ ነው። ስም፣ ስልክ፣ የትውልድ ቀን፣ ቅርንጫፍ፣ የቁጠባ ሂሳብ። ተቋሙ ወደ አዲስ ሲስተም ሊገባ ስለሆነ ይህ ሁሉ ቅዳሜ ሌሊት ሊገለበጥ ታቅዷል። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ ቁጥሮቹንም ለማስላት እንዲመች አጠጋግቻቸዋለሁ።

በኤክሴል ከፈትኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ገጾች አየሁ። ስሙ ስም ይመስላል፣ ቀኑ ቀን ይመስላል። «ደህና ይመስላል» ብዬ ልመልስ ስል ዓይኔ ታች ላይ ያለው የረድፍ ቁጥር ላይ አረፈ፦ 1,048,576። ኤክሴል በአንድ ሉህ ከዚህ በላይ ረድፍ አይይዝም። ፋይሉ ሲከፈት ማስጠንቀቂያ ብቅ ብሎ ነበር፤ እኔ ሳላነብ ዘግቼዋለሁ። ከ151 ሺህ በላይ ደንበኞች ስክሪኔ ላይ አልነበሩም።

ይህ የእኔ ብቻ ጉድ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. መስከረም መጨረሻ ላይ በእንግሊዝ 15,841 የኮሮና ታማሚዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውስጥ ሳይገቡ ቀርተዋል። ምክንያቱ የድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር፤ እሱ የሚይዘው 65,536 ረድፍ ብቻ ነው፤ ትርፉን ቆርጦ ጣለው። ከእነዚያ ሰዎች ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች መፈለግም በዚያው ልክ ዘገየ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ረድፍ ይቆጠራል። ላኪው «ይህን ያህል ልኬያለሁ» ያለው እና የደረሰው ካልገጠሙ ሌላው ሁሉ ይቆያል። የእኛ ገጠመ። የቀረው ጥያቄ እውስጡ ያለው ነገር እውነት ነው ወይ የሚለው ነበር።

ከላይ ያሉትን 100 ረድፎች ማየት አይበቃም?

ጤፍ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ከጆንያው አፍ ላይ ማኛ ይነሰነሳል፣ ከሥር ሰርገኛ ይሆናል። የገባው ገዥ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከታች ይዘግናል።

ፋይል ውስጥ ማንም ሊያታልል አስቦ ከላይ ጥሩ ጥሩውን አላስቀመጠም። ውጤቱ ግን ያው ነው። ከላይ የሚገኙት ረድፎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የተመዘገቡት ናቸው። በእኛ ፋይል የመጀመሪያዎቹ አርባ ሺህ ያህሉ በሙሉ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነበሩ፤ አንድ ጠንቃቃ ሴትዮ ለዓመታት የሞሉት። እነሱን አይቶ ስለ ሌሎቹ ቅርንጫፎች መናገር የአንድ ቤት እንጀራ ቀምሶ ሰፈሩን ሁሉ ማመስገን ነው።

«በየሦስት ሺሁ አንድ ረድፍ ልውሰድ» የሚልም አለ። ይሻላል፤ ግን ፋይሉ ውስጥ የሚደጋገም ሥርዓት ካለ ይጠመዳል። ለምሳሌ ረድፎቹ በቡድን ብድር የተደረደሩ ቢሆንና የቡድን መሪዋ ሁልጊዜ መጀመሪያ ብትመጣ፣ ዝላዩ ከቡድኑ መጠን ጋር ሲገጥም ናሙናው በመሪዎች ይሞላል።

እጣ ማውጣት ነው የሚያዋጣው። የእጣ ናሙና ማለት እያንዳንዱ ረድፍ የመመረጥ ዕድሉ እኩል የሆነበት ናሙና ነው። ለኮምፒውተር ይህ የሦስት መስመር ሥራ ነው፦

```
import pandas as pd
d = pd.read_csv("customers.csv", dtype=str)
d.sample(n=400, random_state=7).to_csv(
    "sample400.csv", index=False, encoding="utf-8-sig")
```

እዚህ ውስጥ ሦስት ነገሮች ልብ ይባሉ። `dtype=str` ሁሉንም ነገር እንደ ጽሑፍ አንብብ ማለት ነው። ያ ካልተባለ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ስልክ ቁጥር እንደ ተራ ቁጥር ይቆጠርና ዜሮው ይበላል። `random_state=7` እጣውን ይቆልፈዋል። ነገ ሌላ ሰው ይህንኑ ቢያስኬድ ያንኑ 400 ረድፍ ያገኛል፤ «የሚመችህን መርጠህ ነው» የሚል ሐሜት የለም። `utf-8-sig` ደግሞ ፋይሉ በኤክሴል ሲከፈት ፊደላችን የማይነበብ ምልክት እንዳይሆን ነው። እሱን ረስቼ ግማሽ ቀን ያቃጠልኩበት ጊዜ አለ።

400 ሰው ስለ 1.2 ሚሊዮን ሰው እንዴት ይመሰክራል?

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይከራከራል። «ቢያንስ አስር በመቶውን ማየት አለብን» ይላል። አስር በመቶ 120 ሺህ ነው፤ ማንም አያየውም።

ወጥ ሲቀመስ የሚወስነው የድስቱ ትልቅነት አይደለም። የሁለት ሰው ድስትም ሆነ የድግስ በርሜል፣ ደህና ተደርጎ ከተማሰለ አንድ ጭልፋ ጨውን ይናገራል። እጣው ማማሰያው ነው። የናሙናው ብዛት ጭልፋው ነው። የፋይሉ ግዝፈት እንደ ድስቱ ነው፤ ከናሙናው በጣም እስከበለጠ ድረስ ሒሳቡን ብዙም አይለውጠውም።

ሒሳቡ ለእጅ የሚቀል ነው። አንድን ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ማካፈል። የ400 ስኩዌር ሩት 20 ነው፤ አንድ ለ20 ደግሞ 5 በመቶ። ይህም ማለት ናሙናው የሚሰጠን መቶኛ በሙሉ ፋይሉ ካለው እውነት፣ ቢበዛ ወደ 5 በመቶ ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ናሙና 20 ጊዜ ብናወጣ 19 ጊዜ ያህል በዚህ ውስጥ እንገኛለን፤ አንዴ ያህል እንስታለን። ስህተቱ ጥቂት ሲሆን ደግሞ ስፋቱ ይጠብባል። ለምሳሌ 9 በመቶ ላይ ወደ 3 ነጥብ ነው።

የከፍና ዝቅታውን ስፋት በግማሽ መቀነስ ከተፈለገ ናሙናው አራት እጥፍ መሆን አለበት፦ 1,600። ለዚህ ነው 400 አካባቢ መቆም የተለመደው። ከዚያ በላይ ያለው ድካም ብዙ፣ ጥቅሙ ጥቂት ነው።

ኮምፒውተር ሁሉንም ማየት እየቻለ ናሙና ለምን?

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም፦ ኮምፒውተር የሚችለውን ሁሉንም ያይ፣ በናሙና አይታይ።

ስልክ ቁጥሩ ባዶ የሆነው ስንት ነው? ሂሳቡ ከዜሮ በታች የሆነው? አንድ መለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ የገባው? እነዚህን በ1.2 ሚሊዮኑ ላይ በደቂቃ መቁጠር ይቻላል። በናሙና መገመት ስንፍና ነው። አንድ ስልክ በሦስት መልክ፣ በ09፣ በ9 እና በ+2519 ተጽፎ አንዱ ሰው ሦስት ሰው የሆነበትንም በዚሁ አጣራን። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉም በአንድ ፊደል ተጠቃልለው ተነጻጸሩ።

ኮምፒውተሩ የማይችለው ሌላ ነው። `2002-05-12` የሚል የትውልድ ቀን ፍጹም ጤነኛ ቀን ነው። ዓመት አለው፣ ወር አለው፣ ቀን አለው። እውነት መሆኑን ግን ከራሱ ከፋይሉ ማወቅ አይቻልም። መዝገብ ቤት ወርዶ የደንበኛዋን ማኅደር አውጥቶ፣ በእጅ ከሞላችው ቅጽ ጋር ማስተያየት ይጠይቃል። ናሙና የሚያስፈልገው ለዚህ፣ ሰው እግርና ዓይን ለሚጠይቀው ሥራ ነው።

400 ማኅደር ሲታይ ምን ላይ ይሳሳታል?

ሁለት ሆነን ስድስት ቀን ፈጀብን። ሁለት ነገር አስቀድመን ተስማምተናል።

አንደኛው «ስህተት» የምንለው ምን እንደሆነ ነው። ቅጹ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ሲስተሙ የሚፈልገው በፈረንጅ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ዙሪያ የአንድ ቀን መዛነፍ የተለመደ ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ልዩነት ይታለፍ፣ ከዚያ በላይ ስህተት ይባል ብለን ጻፍን። ይህ ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚወሰን ከሆነ ሰው ሳያውቀው ለድካሙ ይፈርዳል።

ሁለተኛው ዓይንን አለማመን ነው። የኮምፒውተሩን ቀን ይዞ ቅጹን የሚያይ ሰው የሚያየው የፈለገውን ነው፤ የተድበሰበሰች 3 በቀላሉ 8 ትሆንለታለች። ስለዚህ ጓደኛዬ ፋይሉን ሳታይ ቅጹ ላይ ያነበበችውን ትጽፋለች፣ እኔ በኋላ አስተያያለሁ።

ከ400ው ማኅደር 14ቱ አልተገኙም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቀና ሰው ናቸው፤ «ከጎኑ ያለውን ልስጣችሁ፣ ያው አይደል?» አሉን። ያው አይደለም። ማኅደራቸው የጠፋ ደንበኞች ምናልባትም ዳታቸውም የተበላሸው እነሱ ናቸው። በተገኘ ሰው ከተተኩ ፋይሉ ከእውነቱ ይልቅ ያማረ ይመስላል። 14 አልተገኘም ተብሎ ተጻፈ። የቀረን 386 ነው።

ታዲያ ምን ተገኘ?

ከ386ቱ 35ቱ የትውልድ ቀናቸው ከቅጹ ጋር አይገጥምም። 9 በመቶ መሆኑ ነው። ከፍና ዝቅ 3 ነጥብ ስንል ከ6 እስከ 12 በመቶ። በሙሉው ፋይል ከ72 ሺህ እስከ 144 ሺህ ሰው።

እዚህ ላይ «9 በመቶ ስህተት አለው» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ይቻል ነበር። ብዙ ሪፖርት እዚህ ያበቃል። ግን 35ቱን በቅርንጫፍ ስንደረድራቸው 30ዎቹ ከአንድ ቅርንጫፍ ሆነው አረፉት። ቅርንጫፍ 07 እንበለው። ከዚያ ቅርንጫፍ ናሙናው ውስጥ የገቡት 46 ሰዎች ብቻ ናቸው። ከ46ቱ 30፤ 65 በመቶ። ከሌሎቹ ቅርንጫፎች በሙሉ ከ340 ሰው 5 ብቻ፤ 1.5 በመቶ።

እንግዲህ «9 በመቶ» የሚባል ፋይል የትም የለም። አንድ በጠና የታመመ ቅርንጫፍ አለ፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው። አማካዩ ሁለቱንም ደብቋቸዋል።

ይሁን እንጂ 46 ሰው ትንሽ ናሙና ነው። ስለዚህ ከቅርንጫፍ 07 ብቻ ሌላ 200 በእጣ አወጣን። ቅርንጫፉ ማኅደሮቹን ሁሉ አግኝቶ ላከልን። 131ዱ የተሳሳቱ ነበሩ፤ 65.5 በመቶ፣ ከፍና ዝቅ 7 ነጥብ ያህል። ቅርንጫፉ 144 ሺህ ደንበኛ ስላለው ወደ 94 ሺህ የተሳሳተ የትውልድ ቀን ማለት ነው።

ስህተቱም አንድ ዓይነት ነበር። ከላይ የጠቀስኳት `2002-05-12` የዚያ ቅርንጫፍ ናት። ቅጹ ላይ ያለው «12/5/2002» ነው፤ ጥር 12 ቀን 2002 ዓ.ም.። በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 2010 ማለት ነው። ጸሐፊው ሳይቀይር እንዳለ አስገባው፣ ሲስተሙም ሜይ 12 ቀን 2002 ብሎ ተቀበለው። ልጅቷ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ላይ 15 ዓመቷ ነበር፤ ሲስተሙ ግን 23 ይላታል። በእናቷ በኩል የቁጠባ ደብተር ያላት ልጅ ለብድር የደረሰች ሆና ትወጣለች። በሌሎቹ ቅርንጫፎች ያገኘናቸው አምስቱ ስህተቶች ግን 68ን 86 እንደማድረግ ያሉ ተራ የጣት ስህተቶች ነበሩ።

ማኅደር ሳይወጣ ይህን ማወቅ አይቻልም ነበር?

በከፊል ይቻላል። ይህን ክፍል ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ።

በእኛ አቆጣጠር ወር ሁሉ 30 ቀን ነው። 31 የሚባል ቀን የለም። በፈረንጅ ግን በዓመት ሰባት ወር 31 አለው። ከ365 ቀን ሰባቱ ማለት ነው፤ ከ52 ሰው አንዱ ያህል በ31ኛው ቀን ተወልዷል። ስለዚህ 31 የተጻፈበት ቀን ሁሉ ያለጥርጥር የፈረንጅ ነው። ወደ ፈረንጅ በትክክል የተቀየረ መዝገብ ውስጥም 31 በዚያ መጠን መገኘት አለበት።

ዳታው ተከፍቶ ሳለ አንድ መስመር ይበቃል፦

```
d[d["birth_date"].str.endswith("-31", na=False)].groupby("branch").size()
```

ከቅርንጫፍ 07 144 ሺህ ደንበኞች መካከል፣ ሁሉም በትክክል ተቀይረው ቢሆን፣ 2,760 ያህሉ 31 ላይ በወደቁ ነበር። የተገኙት 950 ናቸው። 950ን በ52 ስናባዛ 49 ሺህ ተኩል ገደማ ይመጣል፤ የቅርንጫፉ 34 በመቶ። የቀረው 66 በመቶ ሳይቀየር የገባ ነው ማለት ነው። ስድስት ቀን አቧራ ስንበላ ያገኘነው 65.5 ነበር። ሁለቱ መንገዶች ሳይተዋወቁ አንድ በር ላይ ተገናኙ።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ሰው እውነተኛ ቀኑን ሲናገር ነው። ቀኑን የማያውቅ ሰው 01/01 ይባልለታል፤ ያ ክምር ከበዛ ሒሳቡ ይዛባል። የብድር መክፈያ ቀን ላይም አይሠራም፤ ክፍያ ወር መጨረሻ ላይ ስለሚታጨቅ 31 ከልክ በላይ ይበዛል።

ሌላም ዱካ ነበር። በቅርንጫፍ 07 ፌብሩዋሪ 28 የተወለደው ሰው ከልክ በላይ ብዙ ነው። ምክንያቱን ያወቅነው ማኅደሩን ካየን በኋላ ነው። ጥቅምት 29 እና 30 የተወለደ ሰው ሲመጣ ጸሐፊው 29/2 ወይም 30/2 ብሎ ያስገባል። ሲስተሙ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ስለሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላል። ጸሐፊውም እስኪቀበለው ዝቅ ያደርጋል፤ 28 ላይ ይገባለታል። የጳጉሜን ልጆች ደግሞ 13ኛ ወር ስለማይፈቀድ ዲሴምበር 30 ሆነዋል።

አንድም ስህተት ካልተገኘ ነጻ ነው ማለት ይቻላል?

ማኅደሩን ስናወጣ የቅጹ ስምና ፎቶ ከፋይሉ ሰው ጋር ይገጥም እንደሆነም አይተን ነበር። ከ386ቱ ሁሉም ገጠሙ። «የተምታታ ሰው የለም» ብሎ መጻፍ ግን ሐሰት ነው።

ለዚህ ቀላል ደንብ አለ። ምንም ሳይገኝ ሲቀር ሦስትን ለናሙናው ብዛት ማካፈል። ሦስት ለ386፣ 0.8 በመቶ ገደማ። ከዚህ በላይ የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ከዚህ በታች የትም ሊሆን ይችላል። ከ1.2 ሚሊዮን 0.8 በመቶ ከ9 ሺህ ሰው በላይ ነው። ዘጠኝ ሺህ ሰው በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ናሙናችን ላያገኘው ይችላል። ናሙና ብዛት ያለውን ችግር ይይዛል። አልፎ አልፎ የሚከሰት አደጋን ለመያዝ አልተሠራም።

ማጠቃለያው ምን ይመስላል?

የመጀመሪያ ረቂቄ አራት ገጽ ነበር። ሠንጠረዥ ነበረው፣ ሁለት ባለቀለም ግራፍም። አለቃዬ ገለጥ ገለጥ አደረገና «ቅዳሜ እንገለብጣለን ወይስ አንገለብጥም?» አለ። አራት ገጽ ጽፌ ይህን አልመለስኩም። እንደገና የጻፍኩት ይኸው፦

> ከቅርንጫፍ 07 በቀር ፋይሉ ቅዳሜ ሊገለበጥ ይችላል። የቅርንጫፍ 07 144 ሺህ ረድፍ የትውልድ ቀን ሳይስተካከል መገልበጥ የለበትም።
>
> የታየው፦ 1.2 ሚሊዮን ረድፍ ተቆጥሮ ከላኪው ቁጥር ጋር ገጥሟል። ባዶ ቦታ፣ የተደገመ መለያና የተዛባ ስልክ በሙሉው ፋይል ላይ በኮምፒውተር ተጣርቷል፤ ዝርዝሩ ተያይዟል። የትውልድ ቀን በእጣ በወጡ 400 ማኅደሮች ተመሳክሯል። 14 ማኅደር አልተገኘም፤ ቁጥሮቹ የ386ቱ ናቸው።
>
> የተገኘው፦ በቅርንጫፍ 07 ተጨማሪ 200 ማኅደር ታይቶ ከ10 ደንበኛ የስድስቱ ወይም የሰባቱ የትውልድ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ገብቷል። እነዚህ ሰዎች ሲስተሙ ላይ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያረጃሉ። በሌሎቹ ቅርንጫፎች ስህተቱ 1.5 በመቶ ገደማ ነው (ከግማሽ እስከ ሦስት ተኩል በመቶ ሊሆን ይችላል)።
>
> ያልታየው፦ የሂሳብ መጠን ከወረቀት ጋር አልተመሳከረም። የሰው መምታታት አልተገኘም፤ እስከ 0.8 በመቶ ሊኖር ግን ይችላል።

ግማሽ ገጽ ነው። ውሳኔው መጀመሪያ ላይ ያለው አንባቢው ከዚያ በኋላ ላያነብ ስለሚችል ነው። «ያልታየው» የሚለውን አንቀጽ አንዳንድ ሰው ያወጣዋል፤ ድክመት ይመስለዋል። እኔ ግን ሌላው ሁሉ ቢወጣ እሱን አላወጣም። ሂሳቡን እኛ ያየነው እየመሰለው ሌላ ሰው ሳያየው ቢቀር ጉዳቱ የገንዘብ ነው።

«ጥራቱ 91 በመቶ ነው» የሚል አንድ ጠቅላላ ነጥብም ሆን ብዬ አላስገባሁም። ስልክ፣ ቀንና ስም ተደምረው የሚወጣ መቶኛ ለማንም ምንም አይነግርም። ለኤስኤምኤስ ላኪው ቀኑ ቢሳሳትም ግድ የለውም፤ ለብድር ክፍሉ ግን ስልኩ ሳይሆን ዕድሜው ነው ጉዳዩ። ያው ፋይል ለአንዱ ደህና፣ ለሌላው የተበላሸ ነው።

ቅዳሜ ሌሊት ከቅርንጫፍ 07 በቀር ሌላው ተገለበጠ። ሰኞ ወደ ቅርንጫፉ ሄድን። ሁለት ጸሐፊዎች አሉ። አንደኛዋ ስልኳ ላይ ባለ መቀየሪያ እየቀየረች ታስገባ ነበር፤ 34 በመቶው የእሷ ሳይሆን አይቀርም። ሌላኛውን «ለምን አልቀየርክም?» አልነው። መልስ ከመስጠት ይልቅ ቅጹን አንስቶ ወደ እኛ አዞረው። «የትውልድ ቀን» ይላል፣ ከጎኑ ባዶ መስመር። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ቅጹም አይልም፣ ስክሪኑም አይልም።

«የነገረኝ ሰው የለም» አለ።